ማን ሰጠው? ማን ሊወስደው ይችላል? ናይሮቢ ስለ ሥልጣን ክፍፍል የምታስተምረው

በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል፣ ካሩራ ደን ጥግ የሚገኘው ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ነው። ኤምባሲዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮዎች በዙሪያው ተሰባስበዋል። በዚህ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው በአጭር ርቀት ውስጥ የተለያዩ የመንግሥት ሠራተኞችን ያገኛል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ አለ፤ በአገሬው አጠራር "ካንጆ" የሚባለው የንግድ ፈቃድና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ተቆጣጣሪ አለ፤ የደኑን በር የሚጠብቀው የደን ጠባቂም አለ።

ሦስቱም የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ ሦስቱም "መንግሥት" ይባላሉ። ደመወዛቸው ግን ከአንድ ቋት አይወጣም፤ አለቃቸውም አንድ አይደለም። ፖሊሱ የአገር አቀፉ ፖሊስ አባል ነው፤ ደን ጠባቂው የአገር አቀፉ የደን አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ካንጆው ግን ተጠሪነቱ የናይሮቢ ነዋሪዎች በቀጥታ ለሚመርጡት የካውንቲው ገዢ ነው። ፕሬዝዳንቱ ካንጆውን ከሥራ ሊያባርሩት አይችሉም፤ ገዢውም ለፖሊሱ ትዕዛዝ መስጠት አይችሉም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለነዋሪውስ ምን ይፈይዳል? በአማርኛ በየጊዜው የምንሰማቸውን "ማዕከላዊ አስተዳደር"፣ "ያልተማከለ አስተዳደር" እና "ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ" የሚሉ አገላለጾች ለመረዳት ናይሮቢ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለ30 ወራት ያህል ዋና ዋና ሥልጣኖቿን ያጣችና መልሳ ያገኘች ከተማ ስለሆነች ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኬንያን የሚመለከቱ ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ "ዓ.ም." የተባሉት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ማዕከላዊ አስተዳደር ማለት ውሳኔው፣ ገንዘቡና ሹመቱ ከአንድ ቦታ ሲመነጩ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ከአዲስ አበባ ይሾሙ፣ ከአዲስ አበባም ይሻሩ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ያልተማከለ አስተዳደር የሚለው ስያሜ ግን ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። የመጀመሪያው ማዕከሉ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሲከፍት ነው። ቢሮው ወደ ሕዝቡ ይቀርባል፤ ሹሙ ግን የሚታዘዘው ለላከው ነው። በኬንያ "ቺፍ" የሚባሉት የአካባቢ ሹሞችና ከእነርሱ በላይ ያሉት የካውንቲ ኮሚሽነሮች እንዲህ ናቸው። ቺፉ በየሰፈሩ አለ፤ ነዋሪውን በስም ያውቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ ይሰጣል። ነገር ግን ማንም አልመረጠውም፤ ተጠሪነቱም ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በእርሱም በኩል ለፕሬዝዳንቱ ነው።

ሁለተኛው ማዕከሉ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የመወሰን ሥልጣኑንም አሳልፎ ሲሰጥ ነው። ኬንያውያን ይህንን በስዋሂሊ "ኡጋቱዚ" ይሉታል። በዚህ ጊዜ የአካባቢው አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ በጀትና የራሱ መራጮች አሉት። ጊጊሪ የሚገኝበት የካሩራ ዋርድ ነዋሪዎች ለካውንቲው ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይመርጣሉ። ናይሮቢ በአጠቃላይ 85 ዋርዶች አሏት።

እነዚህን ዓይነቶች ለመለየት መሥሪያ ቤቱ የት እንደሚገኝ ማየት አይበቃም። ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይሻላል። ሹሙ ቢያጠፋ የሚያወርደው ማን ነው? ገንዘቡ የሚመጣው በመብት ነው ወይስ በፈቃድ? የተሰጠው ሥልጣን ተመልሶ ሊወሰድ ቢፈለግ የማን ስምምነት ያስፈልጋል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ የናይሮቢም ታሪክ በእርሱ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ኬንያ ወደዚህ እንዴት ደረሰች?

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ ለክልሎች የራሳቸው ምክር ቤት ሰጥቷቸው ነበር። "ማጂምቦ" የተባለው ይህ ሥርዓት ዕድሜው አጭር ነበር። በጆሞ ኬንያታ የሚመራው መንግሥት ለክልሎቹ ሊደርሳቸው የሚገባውን ገንዘብና ሥልጣን አዘገየ፤ በ1964 መጨረሻ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆንም የክልሎቹ ሥልጣን ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ የክልሎቹ ድምፅ የነበረው ሴኔት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ከተሞች ምክር ቤት ቢኖራቸውም ሕልውናቸው በማዕከሉ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1983 የፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት የናይሮቢ ከተማ ምክር ቤትን አግዶ ከተማዋን በራሱ በሾመው ኮሚሽን እንድትመራ አደረገ። ነዋሪዎች ምክር ቤታቸውን እንደገና ለመምረጥ እስከ 1992 መጠበቅ ነበረባቸው። ለዚህ የሕገ መንግሥት ለውጥ አላስፈለገም፤ የአካባቢ አስተዳደሮች በተራ ሕግ የተቋቋሙ ስለነበሩ የሚኒስትር ትዕዛዝ በቂ ነበር።

በ2007 መጨረሻ የተካሄደው ምርጫ ያስከተለው ደም መፋሰስ ከ1,100 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ከዚያ በኋላ በርካታ ኬንያውያን አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ሁሉም ነገር በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲከማች ምርጫ የሞት ሽረት ጉዳይ ይሆናል። በነሐሴ 2010 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ከፈለ። ሁለቱን የመንግሥት እርከኖችም "የተለያዩ ግን እርስ በርስ የሚደጋገፉ" በሚል መንፈስ ደነገጋቸው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የተመረጡት በመጋቢት 2013 ነበር። ናይሮቢም ከተማም ካውንቲም ሆነች።

አንድ ምግብ ቤት፣ ሁለት መንግሥታት

ክፍፍሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት በጊጊሪ አካባቢ ምግብ ቤት ለመክፈት የተነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ እናስብ።

በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የአገር አቀፉን መንግሥት በሮች ነው። የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅቱን የሚመዘግበውም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የገቢዎች ባለሥልጣንም የአገር አቀፉ መንግሥት አካላት ናቸው። ተከራይቶ የሚሠራበት ቤት የማን እንደሆነ ማጣራት ከፈለገ የመሬት መዝገቡ ያለው በአገር አቀፉ የመሬት ሚኒስቴር ነው።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ካውንቲው ያዞራል። የንግድ ፈቃዱ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ማረጋገጫው፣ የምግብ ንጽሕና ፈቃዱና የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ማስረጃ የሚወጡት ከካውንቲው ነው። መኖሪያ ቤቱን ወደ ምግብ ቤት መቀየር ከፈለገ የአጠቃቀም ለውጡን የሚፈቅደው የካውንቲው የፕላን ክፍል ነው። በሩ ላይ ለሚሰቅለው ማስታወቂያ፣ መጠጥ ለመሸጥና መኪና ለማቆምም የሚከፍለው ለካውንቲው ነው። ቆሻሻውን ማንሳትም የካውንቲው ኃላፊነት ነው።

ውሃው የሚመጣው የካውንቲው ንብረት ከሆነው የውሃ ኩባንያ ነው። ይሁንና የከተማዋ ውሃ በአብዛኛው የሚጠራቀመው ከናይሮቢ ውጭ፣ ሙራንጋ ካውንቲ ውስጥ ባለው የንዳካይኒ ግድብ ነው። የሙራንጋ መሪዎችም ከሽያጩ ድርሻ ይገባናል ሲሉ ቆይተዋል። ወንዝ የካውንቲ ወሰን አያውቅም፤ ሥልጣን ሲከፋፈል እንዲህ ያሉ ክርክሮች አብረው ይወለዳሉ።

ምግብ ቤቱ ሌባ ቢገባበት ባለቤቱ የሚሮጠው ወደ አገር አቀፉ ፖሊስ ነው። አንድ ሠራተኛ ቢታመም ወደ ካውንቲው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሕመሙ ከጸና ግን የሚላክበት የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የአገር አቀፉ መንግሥት ነው። የሠራተኛው ትንሽ ልጅ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት በካውንቲው ሥር ነው፤ አንደኛ ክፍል ስትገባ ግን ትምህርቷ ወደ አገር አቀፉ መንግሥት ይዞራል።

ይህ ዝርዝር በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ተጽፏል። አንድ ሥራ በሰንጠረዡ ለካውንቲ ካልተሰጠ የአገር አቀፉ መንግሥት ሥራ ይሆናል። በኢትዮጵያ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌዴራል መንግሥቱ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። ኬንያን ፌዴሬሽን ከመባል ካራቀቋት ልዩነቶች አንዱ ይህ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይወርዳል?

ሥራ ወርዶ ገንዘብ ካልወረደ ካውንቲው ባዶ ቢሮ ይሆናል። የ1963ቱ ክልሎች የደረሰባቸው ይህ ነበር። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎችም ከዚያ ተምረው በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚሰበሰበው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲተላለፍ በሕገ መንግሥቱ አስገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። 15 በመቶው የሚሰላው ዘንድሮ ከሚሰበሰበው ገቢ አይደለም። መነሻው ኦዲት ተደርጎ በምክር ቤት የጸደቀ የመጨረሻው ሒሳብ ነው፤ እሱም ዓመታትን ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መቶኛው በወረቀት ላይ ሳይነካ፣ ከዘንድሮው ገቢ አንጻር ሲታይ ድርሻው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል የሚነሣው ሙግትም በአብዛኛው ከዝቅተኛው ወለል በላይ ምን ያህል ይጨመር የሚል ነው።

የ2024ቱ ሁኔታ ለዚህ ማሳያ ነው። ወጣቶች በግብር ጭማሪ ላይ ባነሡት ተቃውሞ ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ የፋይናንስ ረቂቁን ሲተዉት የሚጠበቀው ገቢ ቀነሰ። ለካውንቲዎች ተመድቦ የነበረው 400 ቢሊዮን ሽልንግም ከረጅም ውዝግብ በኋላ ወደ 387 ቢሊዮን ወረደ። የካውንቲ ገዢዎች ያላወጡት የግብር ሕግ ሲወድቅ ጉድለቱን አብረው ተሸከሙ።

ካውንቲዎች በራሳቸው የሚሰበስቡት ገቢም አለ። ሆኖም የገቢ ግብርና ተጨማሪ እሴት ታክስ የአገር አቀፉ መንግሥት ናቸው። ለካውንቲዎች የቀረላቸው በዋናነት የንብረት ግብር፣ የመዝናኛ ግብርና የአገልግሎት ክፍያዎች ናቸው። ለዚህም ነው ናይሮቢ በመኪና ማቆሚያና በንግድ ፈቃድ ላይ ጠበቅ የምትለው። ጊጊሪ በዚህ ረገድ ለካውንቲው የተለየ ፈተና ነው። በመሬት ዋጋ ከከተማዋ ውድ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ቢሆንም፣ የኤምባሲዎችና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይዞታዎች በዓለም አቀፍ ሕግ ከእንዲህ ዓይነት ግብር ነጻ ናቸው። ከተማዋ አገልግሎት ትሰጣለች፤ ግብሩን ግን አትሰበስብም። ነጻነቱን የፈቀደው አገር አቀፉ መንግሥት ሲሆን፣ ገቢው የሚቀርበት ደግሞ ካውንቲው ነው።

ሥልጣኑ ተመልሶ ሲሄድ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዝዳንቱ የካውንቲን አስተዳደር ማገድ የሚችሉባቸው ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው። ጦርነት ወይም የውስጥ ግጭት መኖር አለበት፤ ካልሆነም ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን ከባድ ምክንያት መኖሩን አረጋግጦ ሴኔቱ መፍቀድ ይኖርበታል። እገዳው ከ90 ቀናት አይበልጥም፤ ሲያበቃም ምርጫ ይካሄዳል። የ1983ቱን ዓይነት የዘጠኝ ዓመት እገዳ መድገም አይቻልም።

በናይሮቢ የሆነው ግን እገዳ አልነበረም። በ2017 ገዢ ሆነው የተመረጡት ማይክ ሶንኮ ምክትላቸው በጥር 2018 ሥራ ከለቀቁ በኋላ ሌላ ምክትል ሳይሾሙ ቆዩ። በታኅሣሥ 2019 በሙስና ተከሰሱ። ክሱን አልተቀበሉትም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳያቸው እስኪታይ ወደ ቢሯቸው እንዳይገቡ ከለከላቸው። ገዢው ቢሮ መግባት አይችሉም፤ ተክቶ የሚሠራ ምክትልም የለም። ከአራት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ፈራሚ አጣች።

የካቲት 25 ቀን 2020 ሶንኮ በቤተ መንግሥት፣ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በተገኙበት አንድ ሰነድ ፈረሙ። ሰነዱ አራት ሥራዎችን ለአገር አቀፉ መንግሥት ያስተላልፍ ነበር፦ ጤና፣ ትራንስፖርት፣ የሕዝብ ግንባታና ተያያዥ አገልግሎቶች፣ እንዲሁም ፕላንና ልማት። የተሰጠው ጊዜ 24 ወራት ነበር። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 187 ነው። አንቀጹ አንድ የመንግሥት እርከን ሥራውን፣ የተሻለ ይሠራዋል ብሎ ላመነበት ሌላ እርከን በስምምነት ማስተላለፍ ይችላል ይላል። ገንዘቡም ሥራውን መከተል አለበት። ይሁን እንጂ ሥራው ተላለፈ ማለት ኃላፊነቱ ተላለፈ ማለት አይደለም፤ ሕገ መንግሥታዊ ተጠያቂነቱ በባለቤቱ ላይ ይቀራል።

በቀጣዩ ወር "ናይሮቢ ሜትሮፖሊታን ሰርቪስስ" የተባለ አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መሪው ሜጀር ጄነራል ሞሐመድ ባዲ የአየር ኃይል መኮንን ነበሩ። ከ6,000 በላይ የካውንቲው ሠራተኞች ወደ እርሳቸው ተዘዋወሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይም ጄነራሉ በፕሬዝዳንቱ ትዕዛዝ በካቢኔ ስብሰባ መቀመጥ ጀመሩ።

ችግሩ ወዲያውኑ በበጀት ላይ ታየ። ሶንኮ ስምምነቱን ተቃውመው ተነሡ። ምክር ቤቱ ካጸደቀው ከ37 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ በጀት ውስጥ 27 ቢሊዮን ገደማው ለአዲሱ መሥሪያ ቤት በመመደቡም አልፈርምም አሉ። የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት በበኩሉ የመሥሪያ ቤቱ አመሠራረት ሕግን የተከተለ አይደለም ሲል በሰኔ 2020 ወሰነ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ክርክሩ በቀጠለበት ሁኔታ ሥራውን አላቆመም። በታኅሣሥ 2020 የካውንቲው ምክር ቤት ሶንኮን ከሰሰ፤ ሴኔቱም በ27 ድምፅ ድጋፍና በ16 ተቃውሞ ከሥልጣን አነሣቸው። አፈ ጉባኤው በጊዜያዊነት ገዢ ሆኑ፤ ኋላም አን ካናኑ ቦታውን ያዙ።

ለመሥሪያ ቤቱ መልካም ስም ያተረፉለት ሥራዎችም ነበሩ። በድሆች ሰፈሮች የውሃ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በሙኩሩና በመሰል መንደሮች መንገዶችና ጤና ተቋማት ተሠርተዋል። ውሃ ከጄሪካን ሻጭ ይገዛ ለነበረ ነዋሪ ቧንቧውን ካውንቲው ዘረጋው ወይስ ጄነራሉ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነበር፦ የተመረጡት መሪዎች በተጣሉበት ሥራው ተሠርቷል።

ሌላው ጥያቄ ግን ቧንቧው ሲደርቅ ወዴት ይኬዳል የሚለው ነበር። ጄነራሉ በናይሮቢ ሕዝብ አልተመረጡም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በድምፁ ሊያነሣቸው አይችልም። ከየዋርዱ የተመረጡት የምክር ቤት አባላት ሊጠይቁት የሚገባው ገዢውን ነበር፤ ገዢው ደግሞ ሥራው በእጃቸው አልነበረም። ሕጉ ኃላፊነቱ በካውንቲው ይቀራል ቢልም፣ ገንዘቡና ሠራተኛው ሌላ ቤት ነበሩ። በሕግ አነጋገር ኡጋቱዚው አልተነካም ነበር። በተግባር ግን ናይሮቢ ወደ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤትነት ተመልሳ ነበር።

የተሰጠው ጊዜ በስድስት ወር ከተራዘመ በኋላ፣ በነሐሴ 2022 ምርጫ ያሸነፉት ገዢ ጆንሰን ሳካጃ ሥልጣን ሲይዙ አራቱ ሥራዎች ተመለሱ። በመስከረም መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። የ1983ቱ ኮሚሽን ለዘጠኝ ዓመታት ቆይቶ ነበር፤ ይኼኛው ለሁለት ዓመት ተኩል። ልዩነቱን የፈጠረው የተጻፈው ቀነ ገደብና የማይቀረው ምርጫ ነው።

አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር ስትነጻጸር

ተመሳሳዩን ሦስት ጥያቄ ለአዲስ አበባ ብናቀርብ መልሱ ከናይሮቢ ይለያል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የከተማዋ አስተዳደር ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይኖረዋል ይላል። ዝርዝሩን ግን ለሕግ ይተወዋል፤ አስተዳደሩም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። ዝርዝሩ የሚገኘው በከተማዋ ቻርተር ነው። ቻርተሩን የሚያወጣውና የሚያሻሽለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ማግስት ታይቷል። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ምርጫውን ተከትሎ በተፈጠረው ቀውስ ተመራጮቹ ምክር ቤቱን ሳይረከቡ ቀሩ፤ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። በ1998 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሾመ። ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ በዚሁ ቆየች። በ2010 ዓ.ም.ም ምርጫው ሲራዘም ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤቱ ዘመን እንዲቀጥል ተደረገ፤ የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራም ተፈቀደ።

በሁለተኛው ጥያቄ ግን አዲስ አበባ ትበልጣለች። ከተማዋ ከሠራተኞች ደመወዝና ከንግድ ትርፍ ግብር ትሰበስባለች፤ በጀቷንም በአብዛኛው የምትሸፍነው ከራሷ ገቢ ነው። ናይሮቢ ይህን ማድረግ አትችልም። አንደኛዋ ሥልጣኗ በሕገ መንግሥት የታጠረላት፣ ኪሷ ግን የማዕከሉን እጅ የሚጠብቅ ከተማ ናት። ሌላኛዋ ኪሷ የራሷ ሆኖ፣ ሥልጣኗ በተራ ሕግ ላይ ያረፈ። ስለዚህ "የትኛዋ የበለጠ ያልተማከለች ናት?" ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ መልሱ በየትኛው ጥያቄ እንደምንለካ ይወሰናል።

ግጭቱ ወደ ነዋሪው በር ሲመጣ

ሥልጣን መከፋፈሉ ሁለት መንግሥታት አንድ ሰፈር ላይ እንዲገናኙ ያደርጋል፤ ሲገናኙም አንዳንዴ ይጋጫሉ። በየካቲት 2025 አብዛኛው ድርሻው የአገር አቀፉ መንግሥት የሆነው የኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ ካውንቲው ያልከፈለው 3 ቢሊዮን ሽልንግ የሚጠጋ ዕዳ አለበት በማለት የካውንቲውን ቢሮዎች መብራት ቆረጠ። ካውንቲው ደግሞ ኩባንያው ምሰሶና መስመር ለዘረጋበት መሬት ከ4 ቢሊዮን በላይ አልከፈለኝም አለ። ብዙም ሳይቆይ የካውንቲው የቆሻሻ መኪናዎች በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሻሻ ሲያራግፉ ታዩ።

ትዕይንቱ ብዙዎችን አስቋል፤ ብዙዎችንም አስቆጥቷል። ሁለቱም የሕዝብ ተቋማት ናቸው፤ የሁለቱም ገንዘብ ከአንድ ግብር ከፋይ ኪስ የወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር በድርድርና በዳኝነት ለመፍታት የተዘጋጀ ሕግ አለ፤ ሁለቱም ግን መጀመሪያ የተጠቀሙት በእጃቸው ያለውን ነበር፦ አንዱ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ሌላው የቆሻሻ መኪናውን።

ያም ሆኖ በዚያ ሰሞን የናይሮቢ ነዋሪ በ1983 ያልነበረው አንድ ነገር ነበረው። ቆሻሻውን ያስጫነው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙን በ2022ቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይቶታል፤ በ2027ም ሊያየው ይችላል። ጊጊሪ በር ላይ የቆመው ካንጆ በትክክል ሠራ አልሠራ የሚጠየቁለትን ሰው ነዋሪው በስማቸው ሊጠራቸው ይችላል። ሥልጣን ወደ ታች ወረደ የሚባለው ነዋሪው ይህን ስም ሲያውቅ፣ በዚያ ስም ላይም ድምፅ መስጠት ሲችል ነው።